ጂሜይል ላይ ያማረው ደብዳቤ አውትሉክ ላይ ለምን ይበተናል?

በሜሪላንድ አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት አንድ የመረዳጃ ማኅበር አለ እንበል። ለእንቁጣጣሽ ለአባላቱ በኢሜይል የዜና ደብዳቤ ይልካል። ከላይ የአደይ አበባ ፎቶ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ቀጭን ጥብጣብ፣ ቀጥሎ የሊቀመንበሩ መልእክት፣ ከዚያ የበዓሉ ዝግጅት ማስታወቂያና «ይመዝገቡ» የሚል ቁልፍ አለው። ደብዳቤውን የምታሰናዳው ወጣት በበጎ ፈቃድ የምትሠራ ናት። ለራሷ ልካ በጂሜይል ከፈተችው፤ አማረባት። ለአባላቱ በሙሉ ላከችው።

በማግስቱ ስልኩ ይጮኻል። አንደኛው አባል ከመሥሪያ ቤታቸው ነው የሚደውሉት። «ልጄ፣ አበባው ከማያው አልፎ ሄዷል። ጽሑፉን ለማንበብ ወደ ቀኝ እየጎተትኩ ነው።» ሁለተኛዋ በፎቶው ፋንታ ባዶ ሳጥን ከነቀይ ምልክቱ አይታለች። ሦስተኛው በፎቶውና በጥብጣቡ መካከል ነጭ መስመር ገብቶ ሥዕሉ ለሁለት የተቀደደ ይመስላል ይላል። በአይፎን የከፈተው ተማሪ ደግሞ «ምንም ችግር የለውም፣ በጣም ያምራል» ብሎ መልሷል።

አራቱም እውነታቸውን ነው። የደረሳቸው ደብዳቤ አንድ ነው፤ የታያቸው ግን አራት ዓይነት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት በመስመሩ ላይ የሚጓዘው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው የሚመስለው የገጹ ሥዕል እንዳለ የሚላክ ነው። የሚላከው ግን ኤችቲኤምኤል የሚባለው ተራ ጽሑፍ ነው፦ «እዚህ ጋ ሰንጠረዥ አድርግ፣ ስፋቱ ይህን ያህል ይሁን፣ ከዚያኛው አድራሻ ፎቶ አምጥተህ እዚህ አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ። ገጹ የሚሣለው ተቀባዩ ዘንድ ነው፤ የሚሥለውም ተቀባዩ የሚጠቀምበት የኢሜይል ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ትእዛዙን በሙሉ ሊፈጽም፣ ከፊሉን ሊተው፣ ያልገባውን ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችላል።

ይህ ችግር በድረ ገጾች ላይም ነበር። ከዛሬ ሃያና ሃያ አምስት ዓመት በፊት አንድ ገጽ በአንዱ ብራውዘር ያምርና በሌላው ይፈርስ ነበር። የብራውዘር ሠሪዎች ግን ቀስ በቀስ በጋራ ደንብ ተስማሙ፤ ዛሬ ክሮምና ፋየርፎክስ አንድን ገጽ ከሞላ ጎደል እኩል ያሳያሉ። በኢሜይል በኩል እንዲህ ያለ የጋራ ደንብ የለም። የትኛው የኤችቲኤምኤል ትእዛዝ በኢሜይል ውስጥ እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ እያንዳንዱ ኩባንያ ለብቻው ይወስናል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ነባሩ አውትሉክ ነው። እስከ 2003 እትሙ ድረስ አውትሉክ ደብዳቤዎችን የሚያሳየው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞተር ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. እትሙ ግን ማይክሮሶፍት ያንን አንሥቶ በማይክሮሶፍት ዎርድ ተካው። አዎ፣ ደብዳቤና ማመልከቻ የምንጽፍበት ዎርድ ነው የኢሜይሉን ገጽ የሚሥለው። የኩባንያው ክርክር ተጠቃሚው ኢሜይሉን የሚጽፈው በዎርድ ስለሆነ የሚያነበውም በዚያው ቢሆን ይሻላል የሚል ነበር። ለቢሮ ሠራተኛው ምክንያቱ ያስኬዳል። ለዜና ደብዳቤ አዘጋጅ ግን ዱብ ዕዳ ሆነ፤ ዎርድ የተሠራው ለወረቀት ገጽ ነውና ብዙዎቹን የድረ ገጽ ትእዛዞች አያውቃቸውም። በሰኔ ወር 2009 እ.ኤ.አ. ዲዛይነሮች fixoutlook.org በሚል ድረ ገጽ ዘመቻ ከፍተው በትዊተር ላይ ከሃያ ሺህ በላይ መልእክት አዥጎደጎዱ። ማይክሮሶፍት አልተበገረም፤ ዎርድ ለኢሜይል መጻፊያ ምርጡ ነው ሲል መለሰ። ከዚያ በኋላ የወጡት የ2010፣ የ2013፣ የ2016 እና የ2019 እትሞችም በዎርድ ቀጠሉ። አዲሱ የዊንዶውስ አውትሉክ ይህን ትቶ እንደ ድረ ገጽ ነው የሚሠራው፤ ነባሩን ግን ኩባንያው ቢያንስ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. እንደሚደግፈው አስታውቋል። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚያነቡ አባላት ያሉት ማኅበር ገና ለዓመታት ከዎርድ ጋር መኖሩ አይቀርም።

አሁን ወደ አበባው እንመለስ። ወጣቷ ፎቶውን ያዘጋጀችው በ1200 ፒክስል ስፋት ነው። ትክክል ነች፤ የዛሬ ስልኮች ማያቸው ጥርት ያለ ስለሆነ ፎቶው ከሚታይበት መጠን እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በ600 ፒክስል ስፋት እንዲታይ ስትፈልግ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

```
<img src="https://example.org/adey.jpg" style="width:600px">
```

ጂሜይልም አፕል ሜይልም ይህን ይታዘዛሉ። ነባሩ አውትሉክ ግን በፎቶ ላይ `style` ውስጥ የተጻፈውን ስፋት አይቀበልም። የፎቶውን የራሱን መጠን አይቶ በ1200 ፒክስል ይዘረጋዋል። ፎቶው ሲዘረጋ የተቀመጠበትን ሰንጠረዥ ይለጥጠዋል፤ ሰንጠረዡ ሲለጠጥ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አብሮ ይለጠጣል። የቢሮው ሰውዬ ወደ ቀኝ የሚጎትቱት ለዚህ ነው። መፍትሔው ከድሮው ኤችቲኤምኤል የመጣ ነው፤ ስፋቱን ከ`style` ውጭ ራሱን የቻለ መለያ አድርጎ መጻፍ፦

```
<img src="https://example.org/adey.jpg"
     width="600" alt="መልካም አዲስ ዓመት"
     style="display:block; width:100%; max-width:600px; height:auto;">
```

እዚህ ላይ ሁለት ቋንቋ በአንድ አፍ እየተነገረ ነው። `width="600"` የሚለውን አውትሉክ ይሰማል። `width:100%` እና `max-width` የሚሉትን ደግሞ ስልኮቹ ይሰማሉ፤ ማያው ጠባብ ከሆነ ፎቶው አብሮ ይጠባል፣ ሰፊ ከሆነ ከ600 አያልፍም። አውትሉክ `max-width` ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ባለማወቁ ግን አይጎዳም፣ የሚበቃውን ቀድሞ ሰምቷል። የኢሜይል አሠራር ጥበብ በአብዛኛው ይኸው ነው። አንዱን ትእዛዝ አንዱ ሲሰማው ሌላው እንዳይረበሽ አድርጎ ደራርቦ መጻፍ።

በዚያው ኮድ ውስጥ `display:block` የሚለው የነጩን መስመር ችግር ይፈታል። ፎቶ በኤችቲኤምኤል ሕግ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አንድ ትልቅ ፊደል ነው የሚቆጠረው። ፊደላት በሚቆሙበት መስመር ላይ ይቆማል። ከመስመሩ በታች ደግሞ እንደ ላቲኑ `g` እና `p` ወደ ታች ለሚወርዱ ፊደላት ጭራ የሚሆን ጥቂት ክፍተት ይተዋል። በአንቀጽ መካከል ይህ አይታወቅም። አንድ ፎቶ ከሌላው ሥር ሲገጠም ግን ያቺ ጥቂት ፒክስል ነጭ ስንጥቅ ሆና ትወጣለች። `display:block` ሲባል ፎቶው ፊደል መሆኑ ይቀርና ራሱን የቻለ ሳጥን ይሆናል፤ ክፍተቱም ይጠፋል። ስንጥቁ በአንዱ ፕሮግራም ታይቶ በሌላው የማይታየው፣ ፕሮግራሞቹ ገጹን የሚያነቡበት ሁኔታ ስለሚለያይ ነው፤ አንዳንዱ የድሮውን ልል ሕግ፣ ሌላው ጥብቁን ይከተላል።

ስንጥቁ ከዚህ በኋላም ካልጠፋ ሰንጠረዡን መመርመር ነው። ሰንጠረዥ ዝም ከተባለ በራሱ ፈቃድ በክፍሎቹ መካከል ትንሽ ቦታ ይተዋል። ስለዚህ የኢሜይል ሠሪ ሁሉ በልማድ እጁ የሚጽፋት መክፈቻ አለች፦

```
<table width="100%" cellpadding="0" cellspacing="0" border="0"
       role="presentation">
```

«በዚህ ዘመን ገጽን በሰንጠረዥ ማዋቀር?» የሚል የድረ ገጽ ባለሙያ አይጠፋም። ልክ ነው፤ በድረ ገጽ ላይ ከተተወ ቆይቷል። በኢሜይል ግን ዎርድ በደንብ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሰንጠረዥ ነው። `div` የሚባለውን ዘመናዊ ሳጥን ያያል እንጂ ሳጥኑ ውስጥ የተሰጠውን የዳር ክፍተት አያከብርም። ወጣቷ የሊቀመንበሩን መልእክት በ`div` ውስጥ አስቀምጣ ዙሪያውን 24 ፒክስል እንዲለቅ ብታዝ፣ ጂሜይል ላይ ጽሑፉ ከዳር ራቅ ብሎ ይታያል፤ አውትሉክ ላይ ግን ከጫፍ ጋር ይጣበቃል። ያንኑ 24 ፒክስል ለሰንጠረዡ ክፍል፣ ማለትም ለ`td`፣ ብትሰጠው ግን ሁሉም ይታዘዛል። የማይመጣጠን ክፍተት የሚባለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው፤ ክፍተቱ በማይሰማ ቦታ ላይ መጻፉ።

«ይመዝገቡ» የሚለው ቁልፍም በዚሁ ሕግ ይድናል ወይም ይሞታል። አረንጓዴ ቀለምና ሰፊ ዳር ለሊንኩ ለራሱ ቢሰጥ አውትሉክ ዳሩን ይበላውና ከቁልፍ ይልቅ በእስክሪብቶ የተቀለመ ቃል ይመስላል። ለክፍሉ ቢሰጥ ግን ቁልፍ ሆኖ ይኖራል፦

```
<td bgcolor="#0b6b3a" style="padding:14px 28px;">
  <a href="https://example.org/mezgeb"
     style="color:#ffffff; text-decoration:none;">ይመዝገቡ</a>
</td>
```

የቁልፉ ጠርዝ እንዲለሰልስ `border-radius` ቢጨመር ጂሜይልና አይፎን ያለሰልሱታል፣ ነባሩ አውትሉክ አራት ማዕዘኑን እንደያዘ ይተወዋል። በእኔ አስተያየት ይህን ተከትሎ መሮጥ አያስፈልግም። ጠርዙ ሹል ስለሆነ ከበዓሉ የቀረ ሰው የለም።

አንድ ነገር ግን ለአውትሉክ ብቻ መንገር ግድ የሚልበት ጊዜ አለ። ሙሉው ደብዳቤ በሰፊ ማያ ላይ ከ600 ፒክስል እንዳይሰፋ ለሌሎቹ `max-width` እንላቸዋለን፤ አውትሉክ ግን ይህን ስለማይሰማ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋዋል። ለዚህ ማይክሮሶፍት ራሱ በር ትቷል፦

```
<!--[if mso]><table width="600" align="center"><tr><td><![endif]-->
   ... ደብዳቤው ...
<!--[if mso]></td></tr></table><![endif]-->
```

ሌሎቹ ፕሮግራሞች ይህን እንደ ኮድ ጸሐፊ የግል ማስታወሻ ቆጥረው ያልፉታል። ዎርድ ብቻ «ለእኔ ነው» ብሎ ያነበዋል፤ ደብዳቤውንም በ600 ፒክስል ሰንጠረዥ ውስጥ ያስገባዋል።

ጂሜይልስ ሁልጊዜ ታዛዥ ነው? አይደለም፤ የእርሱ ጠባይ ሌላ ነው። ጂሜይልን በብራውዘር ስንከፍት ደብዳቤው የሚታየው በጂሜይል በራሱ ገጽ ውስጥ ነው። ላኪው «ጽሑፍ ሁሉ ቀይ ይሁን» ብሎ ቢጽፍና ጂሜይል እንዳለ ቢቀበለው የጂሜይል የራሱ ቁልፎች ሳይቀሩ ቀይ በሆኑ ነበር። ከዚህ የከፋም አለ፤ ተንኮለኛ ላኪ በገጹ ላይ የውሸት የይለፍ ቃል መጠየቂያ ሊደርብ ይችላል። ስለዚህ ጂሜይል የደረሰውን ኮድ ያጣራል፦ ፕሮግራም የሚያስኬድ ኮድ ካለ ይጥላል፣ የስያሜ መለያዎችን በራሱ ስም ይለውጣል፣ የማይፈልጋቸውን ትእዛዞች ያወጣል። እስከ መስከረም 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ በደብዳቤው አናት ላይ የተጻፈን የቅርጽ መመሪያ በአብዛኛው አይቀበልም ነበር። ዛሬ ይቀበላል፤ ሆኖም ዋና ዋናዎቹን ትእዛዞች እዚያው እያንዳንዱ መለያ ላይ መጻፉ አሁንም አስተማማኙ መንገድ ነው።

የጂሜይል ሁለተኛው ጠባይ በተለይ በአማርኛ የሚጽፉትን ይመለከታል። የደብዳቤው ኮድ ከ102 ኪሎባይት ሲያልፍ ጂሜይል ከዚያ በኋላ ያለውን ቆርጦ «View entire message» የሚል ሊንክ ያስቀምጣል። ፎቶዎች በውጭ ስለሚቀመጡ በዚህ ልክ አይቆጠሩም፤ የሚቆጠረው ጽሑፉና ኮዱ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። አንድን የአማርኛ ቃል አምስት ፊደል ነው ብንል ከነክፍተቱ 16 ባይት ነው፤ ሦስት ሺህ ቃል 48 ሺህ ባይት ገደማ፣ ማለትም ከተፈቀደው ግማሽ የሚጠጋ ይሆናል። በዚህ ላይ ጽሑፉ ከዎርድ በቀጥታ ተገልብጦ ከተለጠፈ ዎርድ በየአንቀጹ ላይ የሚጭነው የተደበቀ የቅርጽ ኮድ አለ፤ እርሱ ሲጨመር 102 ኪሎባይት ሩቅ አይደለም። የሚቆረጠው መጨረሻው ስለሆነ የሚጠፋውም የአዳራሹ አድራሻ፣ የባንክ ሒሳቡ ወይም ከዝርዝሩ ለመውጣት የሚያስችለው ሊንክ ይሆናል። ጽሑፉን ቅርጹን ትቶ ባዶውን መለጠፍ፣ ረጅሙን ዘገባ ደግሞ በድረ ገጽ ላይ አስቀምጦ በደብዳቤው መግቢያውንና ሊንኩን ብቻ መላክ ይሻላል።

አማርኛን የሚመለከት ሌላም ነገር አለ፤ ፎንት። የላኪው ፎንት ከደብዳቤው ጋር አብሮ አይሄድም ማለት ይቻላል። ከኢንተርኔት አምጡ ብሎ ማዘዝ አፕል ሜይል ላይ ይሠራል፤ ጂሜይልና ነባሩ አውትሉክ ላይ ግን ተስፋ አይጣልበትም። ስለዚህ ተቀባዩ የሚያየው በመሣሪያው ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ፊደል ነው፦ በዊንዶውስ ኒያላ ወይም ኢብሪማ፣ በአፕል ከፋ፣ በአንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። የእነዚህ ፊደላት ስፋትና ቁመት አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዱ በአራት መስመር ያለቀ አንቀጽ በሌላው አምስት ይሆናል፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዓምዶች እኩል የነበሩት አንዱ ይንጠለጠላል። የመስመሩ ከፍታ በቁርጥ ተወስኖ ጠባብ ከተደረገ ደግሞ ነባሩ አውትሉክ የፊደሎቹን አናት ይቆርጠዋል። ለአማርኛ የመስመሩን ከፍታ ከፊደሉ መጠን አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ማድረግ፣ ዓምዱንም አንድ ብቻ ማድረግ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ስልክ ላይ ለሚያነበውም አንድ ዓምድ ይሻለዋል።

ወደ ባዶው ሳጥን እንሂድ። እዚህ ላይ የታገደ ፎቶና የተሰበረ ፎቶ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል፤ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

የታገደው ፎቶ ጤነኛ ነው። ነባሩ አውትሉክ ከማያውቀው ላኪ የመጣን ፎቶ ከኢንተርኔት አያወርድም፤ ከደብዳቤው በላይ ፎቶዎቹን ለማውረድ እዚህ ይጫኑ የሚል መስመር ያስቀምጣል። ይህን የሚያደርገው ፎቶ ማውረድ በራሱ ወሬ ስለሚያቀብል ነው። አንድ ፒክስል ብቻ የሆነ የማይታይ ሥዕል በደብዳቤው ውስጥ ቢቀበር፣ ተቀባዩ ሲከፍተው ሥዕሉ ከላኪው ሰርቨር ይጠራል፤ ላኪውም ማን መቼ እንደከፈተ ያውቃል። ጂሜይል ይህን በሌላ መንገድ ነው የፈታው። ከታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎቶዎቹን ራሱ በጉግል ሰርቨሮች በኩል አምጥቶ ያሳያል። አፕልም በ2021 እ.ኤ.አ. ተቀባዩ ደብዳቤውን ከፈተም አልከፈተም ፎቶዎቹን አስቀድሞ የሚያወርድበትን አሠራር አመጣ። እገዳውን ላኪው ከሩቅ ሊያነሣው አይችልም። ማድረግ የሚችለው ፎቶው ባይታይም ደብዳቤው እንዲነበብ ማሰናዳት ነው።

የተሰበረው ፎቶ ግን በሽታው ከአድራሻው ነው። ወጣቷ `src="adey.jpg"` ብላ ጽፋ ቢሆን ኖሮ እናስብ። ይህ «ፎቶው እዚሁ አጠገቤ ነው» ማለት ነው። በእርሷ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በብራውዘር ስትሞክረው እውነት ነው፣ አጠገቡ አለ። ተቀባዩ ዘንድ ግን አጠገቡ ምንም የለም። አድራሻው ከ`https://` ጀምሮ እስከ ፋይሉ ስም ድረስ ሙሉ መሆን አለበት። ሌላው የተለመደ ስሕተት የጉግል ድራይቭን ወይም የፌስቡክን ሊንክ መለጠፍ ነው። የድራይቭ ማጋሪያ ሊንክ የሚያደርሰው ፎቶው ወደሚታይበት ገጽ እንጂ ወደ ፎቶው ፋይል አይደለም፤ አንዳንዴም መግቢያ ስም ይጠይቃል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የፎቶውን አድራሻ ገልብጣችሁ በማንም ስም ባልገባችሁበት ብራውዘር፣ ቢቻል በሌላ ሰው ስልክ፣ ክፈቱት። ከፎቶው በቀር ሌላ ነገር ከመጣ ወይም ግባ ከተባላችሁ ተቀባዩም አያየውም። ከዚህ ሌላ የፋይሉ ስም ክፍት ቦታና የአማርኛ ፊደል ባይኖረው፣ ዓይነቱም ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ ቢሆን ይመረጣል። ኤስቪጂን ጂሜይል አያሳይም፤ ዌብፒንም ነባሩ አውትሉክ ላይ ማመን አይቻልም።

ሁለቱን ለመለየት ቁጥራቸውን ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፎቶዎቹ በሙሉ በአንድ ላይ ከጠፉና ከላይ ማሳሰቢያ ካለ ታግደዋል። አንዱ ብቻ ጠፍቶ ሌሎቹ ካሉ እርሱ ተሰብሯል። በሁሉም አባላት ዘንድ የጠፋ ከሆነም ተሰብሯል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የተስፋፋ ልማድ ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ማኅበራትና ቤተ ክርስቲያናት የዝግጅታቸውን ማስታወቂያ አንድ ትልቅ ፖስተር አድርገው ያሠሩና እርሱኑ ብቻ በኢሜይል ይልካሉ። ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ አድራሻውም ሥዕሉ ውስጥ ነው። በቴሌግራም ይህ ይሠራል። በኢሜይል ግን ፎቶው ሲታገድ የደረሰው ባዶ ወረቀት ይሆናል። ስልክ ላይ ፖስተሩ ሲጠብ ፊደሉ አይነበብም፤ አድራሻውን ገልብጦ ካርታ ላይ መፈለግ አይቻልም፤ ዓይናቸው ለማያይ ሰዎች ጽሑፍ የሚያነብላቸው ፕሮግራምም ምንም አያገኝም። ፖስተሩ ይሂድ፣ ያምራል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ግን ከሥሩ በተራ ጽሑፍ ይጻፍ። በ`alt` ውስጥም ፎቶው የሚለው ነገር ባጭሩ ይገለጽ፤ ፎቶው ሳይታይ ሲቀር በቦታው የምትነበበው እርሷ ናት።

ስልክ ጨለማ ገጽ ላይ ሲሆን የሚመጣው የቀለም መገለባበጥ ሰፊ ጉዳይ ነው፤ ለዛሬ አንዱን ብቻ፦ ጀርባው ባዶ በሆነ ፒኤንጂ ላይ በጥቁር የተጻፈ የማኅበር ዓርማ ጨለማው ውስጥ ይሰወራል። ከጀርባው ነጭ ቀለም ማስገባት ይበቃዋል።

ሙከራውስ እንዴት ይደረግ? ሊትመስና ኢሜይል ኦን አሲድ የሚባሉት የክፍያ አገልግሎቶች አንድ ደብዳቤ በብዙ ፕሮግራሞች እንዴት እንደሚታይ ፎቶ አንሥተው ያሳያሉ። አንድ ትእዛዝ የት እንደሚሠራ ለማወቅ caniemail.com በነጻ ይነግራል። ለትንሽ ማኅበር ግን ከዚህ የሚቀል አለ። ነባሩን አውትሉክ በቢሮው የሚጠቀም አንድ አባል፣ አይፎን የያዘ አንድ፣ አንድሮይድ ላይ ጂሜይል ያለው አንድ፤ ለእነዚህ ሦስት ሰዎች አስቀድሞ መላክና ፎቶ አንሥተው እንዲመልሱ መለመን። ከአውትሉኩ ሰው መጀመር ነው፤ እዚያ የቆመ ደብዳቤ ሌላው ጋ አይወድቅም ማለት ይቻላል። በተቃራኒው ከአይፎን የጀመረ ሰው ግን ስላማረለት ብቻ ይታለላል።

የሦስቱ መልክ ፍጹም አንድ እንዲሆን መድከም ግን ከንቱ ነው። ፊደሉ ይለያል፣ መስመሩ ሌላ ቦታ ላይ ይሰበራል፣ ጠርዙ እዚህ ክብ እዚያ ሹል ይሆናል። ጽሑፉ ከተነበበ፣ ቁልፉ ከተጫነ፣ ፎቶው ባይታይም ነገሩ ከገባ ደብዳቤው ደርሷል።

ተቀባይ ለሆናችሁትም አንድ ልመና አለኝ። የተበታተነ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ «ተበላሽቷል» ብላችሁ ብቻ አትደውሉ። በየትኛው ፕሮግራም፣ በስልክ ወይስ በኮምፒውተር እንደከፈታችሁት ንገሩ፤ የማያውን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ። ደብዳቤው በቀጥታ ከማኅበሩ የመጣ ይሁን ሌላ ሰው ያስተላለፈላችሁ መሆኑንም ጨምሩ። አንድ ሰው ከነባሩ አውትሉክ ለሌላ ሲያስተላልፍ ዎርድ ኮዱን እንደገና በራሱ መንገድ ይጽፈዋል፤ በርዕሱ መጀመሪያ ላይ `FW:` የሚል ካያችሁ ክፍተቱን ያበላሸው ላኪው ላይሆን ይችላል።